አራት ደቂቃ ለአንድ ሙግት፦ ሥራ ፈጣሪ ይወለዳል ወይስ ይሠራል?

በተማሪዎች የቢዝነስ ክበብ ውስጥ «ሥራ ፈጣሪ ይወለዳል እንጂ አይሠራም» የሚለው የክርክር ርዕስ ሲወጣ ሁለቱም ወገን ወደ አንድ ቦታ ይሮጣል፤ ወደ ታዋቂ ሀብታሞች ታሪክ። አንዱ ቢል ጌትስን ያነሣል፤ ገና ልጅ ሳለ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር፣ ይህ ተሰጥኦ ነው ይላል። ሌላው ያንኑ ሰው ያነሣና፣ በ1968 ሲያትል ውስጥ ይማርበት የነበረው ሌክሳይድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ተርሚናል ነበረው፣ በዚያ ዘመን ይህን ያገኘ ተማሪ ስንት ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ዳኛው ግን ምንም የሚይዘው አላገኘም፤ ኮምፒውተር ሳያገኝ ያደገ ሌላ ቢል ጌትስ ስለሌለ ማን እንደረታ ማወቅ አይቻልም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ በዚህ ርዕስ የሚቆም ንግግር ከግለሰብ ታሪክ ይልቅ በንጽጽር ላይ መመሥረት አለበት፤ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ፣ በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ ሰዎችን ጎን ለጎን ባስቀመጠ ጥናት ላይ። እንዲህ ያሉ ጥናቶች አሉ፣ ከእኛ አገር የተገኙም ጭምር። ከዚህ በታች «ይሠራል» ለሚለው ወገን አራት ደቂቃ የሚበቃ ንግግር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ በየመካከሉም ንግግሩ የቆመበትን ማስረጃ፣ የሚደክምበትንም ቦታ አሳያለሁ። ይህን ወገን የመረጥኩት ስለማምንበት ነው።

ንግግሩ እንዲህ ይጀምራል፦

«ክቡራን ዳኞች፣ የክበባችን አባላት! ሰዎች እኩል ተሰጥኦ ይዘው አይወለዱም። ይህን ተቃዋሚዎቻችን ለማስረዳት ጊዜ እንዳያባክኑ ከወዲሁ አምነናል። አንዱ ደፋር፣ ሌላው ጠንቃቃ ሆኖ ያድጋል። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሥራ ፈጣሪን ሥራ ፈጣሪ የሚያደርገው አሠራር ለሌላው ሰው በትምህርት ሊተላለፍ ይችላል ወይስ አይችልም? ይችላል እንላለን፤ ተሞክሮ፣ ተለክቶ፣ ውጤቱ ታይቷል።»

ይህ መግቢያ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ሊካድ የማይችለውን አስቀድሞ ይቀበላል። ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም ብሎ የተነሣ ተከራካሪ አንድ ፈጣን ልጅና አንድ ዓይናፋር ልጅ በተጠቀሱለት ቁጥር ይሸነፋል። ሁለተኛ፣ የማስረዳት ሸክሙ ምን እንደሆነ ራሱ ይወስናል። ሁሉም ሰው ሥራ ፈጣሪ መሆን ይችላል አላለም፤ አሠራሩ ይማራል ነው ያለው። ይህኛው በሙከራ ሊረጋገጥ የሚችል አባባል ነው።

ከዚህ በኋላ ተቃዋሚው የሚመጣበት መንገድ ይታወቃል። የ«ይወለዳል» ወገን ትልቁ ጉልበት ከመንትዮች የመጣ ነው። በ2008 ኒኮስ ኒኮላው፣ ስኮት ሼንና ባልደረቦቻቸው 870 ጥንድ ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ 857 ጥንድ ደግሞ ከሁለት እንቁላል የተገኙ የብሪታንያ መንትዮችን አነጻጽረው ጥናታቸውን አሳተሙ። የአንድ እንቁላል መንትዮች የዘር ውርሳቸው አንድ ነው፤ የሁለት እንቁላሎቹ እንደማንኛውም ወንድማማች በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት ጥንዶች በአንድ ቤት፣ በአንድ ወላጅ እጅ ያድጋሉ። የአንድ እንቁላሎቹ የራሳቸውን ሥራ በመሥራት ረገድ ከሌሎቹ ጥንዶች በበለጠ ከተመሳሰሉ፣ ተጨማሪው መመሳሰል ከዘር የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። የተገኘውም ይኸው ነበር። የግል ሥራ በመሥራትና ባለመሥራት በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 48 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ሆነ።

ይህ ቁጥር ክርክር ላይ ሲነገር «ግማሹ በደም ነው» ተብሎ ይቀርባል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ንግግሩም ሳይፈራ የሚገባው በዚሁ በር ነው፦

«ተቃዋሚዎቻችን 48 በመቶ የሚል ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚሰጡት ትርጉም ግን ልክ አይደለም። ያ ቁጥር አንድ ሰው ካለው ሥራ የመፍጠር ችሎታ ግማሹ ከእናት ከአባቱ የመጣ ነው አይልም። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ተቀራራቢ ዕድል ባላቸው ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው የሚናገረው። አንድ ማሳ ላይ የተለያየ የጤፍ ዘር ቀላቅላችሁ ብትዘሩ፣ አፈሩ፣ ውኃው፣ አረሙ አንድ ስለሆነ የቡቃያዎቹ ልዩነት በሙሉ ከዘሩ ነው። ያንኑ ድብልቅ ዘር አፈሩ የታጠበ ተዳፋት ላይ ብትዘሩት እዚያም በቡቃያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከዘሩ ነው። የመጀመሪያው ማሳ ከሁለተኛው እጥፍ ቢያመርት ግን ያ እጥፍ ሙሉ በሙሉ የአፈሩ ነው። መቶ በመቶ ከዘር የመጣ ልዩነት እያለ እንኳ አፈር በማዳበር ምርት ይጨምራል። የእኛ ወገን የሚናገረው ስለ አፈሩ ነው።»

የማሳው ምሳሌ መሠረቱ የአሜሪካዊው የዘር ሳይንስ ምሁር የሪቻርድ ሌዎንቲን ነው፤ በ1970 ስለ ብልህነት ውርስ በተነሣ ክርክር ላይ በበቆሎ ያስረዳውን እዚህ በጤፍ አድርጌዋለሁ። ተማሪው ይህን አንድ ነጥብ በደንብ ከያዘ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ተቃዋሚ ቁጥሩን እንጂ ቁጥሩ የሚለካውን ነገር አያውቅም።

ጥያቄው ከጠነከረ ተከራካሪው በኪሱ ሊይዛቸው የሚገቡ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ተመሳሳይ ስሌት በ2009 በስዊድን መንትዮች ላይ ሲሠራ የተገኘው መልስ በጾታ ተለያየ። ለሴቶች የዘር ተጽዕኖው ከፍ ያለ ሆነ፤ ለወንዶች ግን ጎልቶ የወጣው መንትዮቹ አብረው ያደጉበት ቤትና አካባቢ ነበር። በአንድ ጾታ የሚወጣና በሌላው የሚጠፋ ቁጥር የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው፣ በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ ፈትሾ ከግል ሥራ ጋር በማያጠራጥር ሁኔታ የተያያዘ አንድም ነጠላ የዘር ልዩነት አላገኘም። ይህ ማለት ዘር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ድርሻው ካለ እጅግ በብዙ ጥቃቅን ነገሮች ላይ የተበተነ ነው፤ «የነጋዴነት ዘር» የሚባል የሚጨበጥ አንድ ነገር ግን አልተገኘም።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የማደጎ ልጆች ጥናት አለ። ነጋዴ ወላጅ ያለው ልጅ ነጋዴ የመሆን ዕድሉ ከሌላው እንደሚበልጥ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው፤ በስዊድን መዝገብ ዕድሉ በ60 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ታይቷል። ግን ከወላጁ የወረሰው ደሙን ነው ወይስ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ያየውን? ማቲው ሊንድክዊስት፣ ዮሪ ሶልና ሚርያም ቫን ፕራግ በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ በኋላ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጡ የስዊድን ልጆችን ተመለከቱ። የወለዱትንም ያሳደጉትንም ወላጆች ሥራ ከመዝገብ ማወቅ ይቻል ነበር። ሁለቱም ተጽዕኖ አሳይተዋል፤ ያሳዳጊዎቹ ግን ከወላጆቹ እጥፍ ያህል ሆነ። እዚህ ላይ ተከራካሪው መታመን አለበት፤ የወለዱት ወላጆች ድርሻ ዜሮ ነው ማለት አይችልም፣ አያስፈልገውምም። መግቢያው ላይ አስቀድሞ አምኖታልና።

እስካሁን ያለው መከላከል ነው። ዳኛን የሚረታው ማስረጃ ያለው ቶጎ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ንግግሩ ትልቁን ጊዜ የሚሰጠው ለዚያ ነው፦

«አሁን ወደ ሎሜ፣ ወደ ቶጎ ዋና ከተማ እንሂድ። 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ባለ ሱቅ፣ ግማሽ ያህሉ ሴቶች። ተመራማሪዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። 500ዎቹ ምንም ሥልጠና አላገኙም። 500ዎቹ የተለመደውን የንግድ ትምህርት ተማሩ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ግብይት፣ የሠራተኛ አስተዳደር። የቀሩት 500 ሌላ ነገር ተማሩ፤ ሳይነገራቸው መጀመርን፣ ነገ የሚመጣውን ዛሬ ማሰብን፣ እንቅፋት ሲገጥም ሌላ መንገድ መፈለግን። የሁለቱም ትምህርት እኩል 36 ሰዓት ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። የሦስተኞቹ ትርፍ ምንም ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በለጠ። ክቡራን ዳኞች፣ ዕጣ ደም አይመርጥም። ደፋሩም ፈሪውም በሦስቱም ቡድን እኩል ተበትኗል። በመካከላቸው የተለየው የተማሩት ብቻ ነው።»

ሥራው በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከአዘጋጆቹ መካከል ፍራንሲስኮ ካምፖስ፣ ዴቪድ ማኬንዚና ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሚካኤል ፍሬሰ ይገኙበታል። የተለመደውን የንግድ ትምህርት የወሰዱት ትርፍ በ11 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ይህ ግን በአጋጣሚ ከሚመጣ መዋዠቅ ሊለይ ያልቻለ ነው። ወጪውም ተሰልቷል። ለአንድ ሰው 756 ዶላር የሆነ ሥልጠና ነበር፤ በተጨመረው ትርፍ ዓመት ሳይሞላው ራሱን መልሷል።

ሎሜ ውስጥ ምን እንደተማሩ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል፤ ተከራካሪው «እስኪ ምንድን ነው ያስተማሯቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ አፉን እንዳይዝ። ትምህርቱ ለአራት ሳምንት በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ይሰጥ ነበር። ከዚያ አሠልጣኙ ለአራት ወር፣ በወር አንድ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ሰው ሱቅ ወይም አውደ ጥናት እየሄደ የተማረውን ሥራው ላይ እንዴት እንዳዋለው ይመለከት ነበር። ይዘቱ ምክር አልነበረም፤ ልምምድ ነበር። ሠልጣኙ የጎረቤቶቹን ሥራ ያይና የራሱን ከእነሱ የሚለይበትን አንድ ነገር እንዲያመጣ ይጠየቃል። ከደንበኛ መረጃ የሚሰበስብበትን መንገድ ያወጣል። የረዥም ጊዜ ዕቅድ ይጽፋል፤ ዕቅዱን ሊያደናቅፍ የሚችለውንም አስቀድሞ ይዘረዝራል። ሲሳሳት ስህተቱን እንደ መረጃ እንዲወስደው ይሠለጥናል። ከተጠቀሱት ሰዎች አንዷ የሙሽራ ቀሚስ ታከራይ ነበር፤ ከሥልጠናው በኋላ መሸጥም ጀመረች፣ የራስ መሸፈኛና ጓንትም ጨመረች። ቀሚስ ለመከራየት የመጣች ሙሽራ ጓንት እንደምትፈልግ ለማወቅ ልዩ አእምሮ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ ደግሞ ልማድ ነው፣ ልማድም ይለመዳል። በዚህ ሙከራ የሴቶቹ ውጤት በተለይ ጎልቶ ነበር፤ ትርፋቸው በ40 በመቶ ጨምሯል፣ የተለመደውን ትምህርት የወሰዱት ሴቶች ግን 5 በመቶ ብቻ።

ንግግሩ የሚዘጋው ከዚሁ ሳይርቅ ነው፦

«ተቃዋሚዎቻችን ርዕሱ እንዲጸድቅ ከፈለጉ የሎሜን 500 ሰዎች ሊያስረዱን ይገባል። በዕጣ የተመረጡ ሰዎች 36 ሰዓት ተምረው ትርፋቸው በሦስት አሥረኛ የጨመረው፣ በተወለዱበት ቀን ከተሰጣቸው ነገር ነው? እነዚያ ሰዎች ሎሜ ውስጥ እስከ ትምህርቱ ቀን ድረስ ሳይጠየቁ ነበሩ። በዚህ አዳራሽም እስካሁን ያልተጠየቀ አለ። ርዕሱን እንድትጥሉልን እንለምናለን። አመሰግናለሁ።»

በእጅ ያሉት አራት ደቂቃዎች እዚህ አልቀዋል። ፈተናው የሚጀምረው ግን በጥያቄና መልሱ ጊዜ ነው፤ ንቁ ተቃዋሚ ሁለት ቦታ ይነካል።

አንደኛው ጥያቄ፦ የሎሜ ሰዎች ድሮውንም ነጋዴዎች ነበሩ። ራሳቸውን መርጠው ንግድ ውስጥ ገብተዋል፤ ሥልጠናው የተሻሉ አደረጋቸው እንጂ ከምንም አልፈጠራቸውም። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተከራካሪውም ልክ ነህ ብሎ መጀመር አለበት። የሎሜ ሙከራ የሚያሳየው ንግድ ውስጥ ያለ ሰው አሠራሩን መለወጥ እንደሚችል ነው። ንግድ ውስጥ የሌለውን በተመለከተ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያ ማስረጃ ደግሞ ያለው እኛ አገር ነው፤ ለሁለቱም ወገን የማይመች ስለሆነም ጠልቆ ማየት ይገባል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራውን አገኘ። ሁለተኛው አምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀው ወጡ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ግን በዓመቱ ገቢያቸው ምንም ካላገኙት በሲሶ ያህል በለጠ። እስከዚህ ድረስ «ይሠራል» የሚለው ወገን ደስ ይለዋል። ሥራ ፈላጊ ሆነው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴ ነኝ ብሎ ራሱን የመረጠ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ግን ሥራ ጀመሩ፣ ገቢም አገኙ።

ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ሦስቱም ቡድኖች በገቢም በሥራ ዓይነትም ተቀራርበዋል። ተቃዋሚው ይህን ካወቀ «አያችሁ፣ ስላልተወለዱበት ተመለሱ» ይላል። መልሱ እንዲህ መሆን አለበት፦ ብልጫው የጠፋው ገንዘቡን ያገኙት የጀመሩትን ትንንሽ ንግድ እየተዉ በመውጣታቸው ነው፤ ይህ ግን በራሱ ስለ ተሰጥኦ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። የሚናገረው አንድ ጊዜ የተሰጠ 300 ዶላርና የአምስት ቀን ትምህርት ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ነው። የሎሜው ሥልጠና በወር አንድ ጊዜ ሱቅ ድረስ የሚከተል ሰው ነበረው። ቢሆንም ሐቀኛ ተከራካሪ ከዚህ በላይ መሄድ የለበትም፤ ሁለቱ ሙከራዎች የተለያየ አገር፣ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የለየው ክትትሉ ነው ብሎ መማል አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፦ የሎሜ ዓይነት ትምህርት በሌላ ቦታ ቢሰጥ ይሠራል? ሁልጊዜ አይሠራም። በኢትዮጵያ ሴት ነጋዴዎች ላይ አስተሳሰብን መሠረት ያደረጉ ሦስት ሥልጠናዎች ተሞክረው በ2019 ውጤታቸው ወጥቷል፤ ከሎሜው ሙከራ አዘጋጆች መካከል ሚካኤል ፍሬሰና ማርከስ ጎልድስታይን በዚህም ሥራ ነበሩበት። ከሦስቱ ሁለቱ በሥራቸው ላይ የጸና ለውጥ አላሳዩም፤ አንዱ ብቻ በትርፍም በሌላውም ሰፊ መሻሻል አመጣ። አጥኚዎቹ ለልዩነቱ ምክንያት ሲፈልጉ ካተኮሩባቸው ነገሮች አንዱ አሠልጣኞቹ ነበሩ፤ በተለይም ራሳቸው ነግደው የሚያውቁ መሆናቸውና አለመሆናቸው።

ይህን ለምንከራከርበት ወገን ጉዳት አድርጌ አላየውም። ሥራ ፈጠራ በደም የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የአሠልጣኙ ማንነት ለውጥ ማምጣት አልነበረበትም። ማን እንዳስተማረ ውጤቱን ከለወጠው፣ የሚተላለፍ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚተላለፍበት መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ደጋግሞ ያልነገደ ሰው በሰሌዳ ላይ ሊያሻግረው አይችልም። ዳኛ ፊት የቆመ ተማሪ ይህን ሲጠየቅ «አዎን፣ ከሦስቱ ሁለቱ አልሠሩም» ብሎ ቢጀምር፣ ከዚያም የሠራውን አንዱን ምን እንደለየው ቢያስረዳ፣ ቁጥሩን ራሱ ስላወጣው ተቃዋሚው በዚያ ሊያጠቃው የሚችልበት ቀዳዳ አይቀርም። ክበቡም ከክርክሩ በኋላ ሥልጠና ሊያዘጋጅ ቢያስብ፣ ማንን አሠልጣኝ እንደሚጠራ የሚወስንበትን አንድ መመዘኛ ይዞ ይወጣል።